የባሉን ፎቶ ልለጥፍ ነው፣ ባሉኑ ግን በዋጋው ውስጥ የለም፤ መግለጫውን እዩልኝ

ሰማያዊ ሻንጣ

ሰላም ለቤቱ። የጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። እስከ ዛሬ ስልክ ሳነሳ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ የገጹን ጽሑፍ አንቺ ያዢው ተባልኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ ለአንድ ፎቶ መግለጫ መጻፍ ነው። ፎቶው ንጋት ላይ በቱርክ፣ ካፓዶቅያ ባለችው በጎሬሜ ከተማ ሰማይ ላይ የተነሡ ሰው የሚያሳፍሩ ባሉኖች ናቸው፣ በጣም ያምራል። መግለጫው የጉዞውን ዋና ዋና ቦታዎች፣ ዋጋው ምን እንደሚያካትትና ክፍያው እስከ መቼ እንደሆነ መያዝ አለበት። ኢንስታግራምም ቴሌግራምም ላይ ነው የሚወጣው። ያዘጋጀሁት ይኸውላችሁ፦

«የማይረሳ ጉዞ ከእኛ ጋር! ውበት፣ ታሪክና ደስታ በአንድ ላይ! እንዳያመልጥዎ!
ኢስታንቡልና ካፓዶቅያ፣ 7 ቀን 6 ሌሊት፣ ከኖቬምበር 7 እስከ 13፣ 2026
አያ ሶፊያ፣ ሰማያዊው መስጊድ፣ ግራንድ ባዛር (እሁድ)፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት (ማክሰኞ)፣ የቦስፎረስ ጀልባ፣ ጎሬሜ፣ ኡቺሳር፣ የደሪንኩዩ የምድር ውስጥ ከተማ፣ የባሉን ትዕይንት
ከ1,180 ዶላር ጀምሮ
ዋጋው ትኬት፣ ሆቴል፣ ቁርስ፣ ትራንስፖርትና ሌሎችንም ያካትታል
ክፍያ እስከ ኦክቶበር 14
ያለን ቦታ ውስን ነው!»

ረዘመ ወይ? ምን ልቁረጥ? አለቃዬ «ጥሩ ነው፣ ልጥፊው» ብሏል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ጨው በርበሬ

እህቴ፣ ረዝሟል። ሰው ስልኩን እየገፋ ነው የሚያየው። ኢንስታግራም ከፎቶው ሥር የሚያሳየው መጀመሪያ ያለውን ሁለት መስመር ያህል ነው፣ ሌላው ካልተነካ አይከፈትም። አንቺ ያንን ቦታ ለ«የማይረሳ ጉዞ» ሰጠሽው። እንዲህ የማይል የጉዞ ወኪል አይቼ አላውቅም። የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ወደ ላይ አውጪው።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን አውጪው። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» በይ። ሰው ሲጠይቅ ገጹ ይንቀሳቀሳል፣ የጠየቀውን ደግሞ በስልክ ታሳምኚዋለሽ። የክፍያ ቀኑን አትንኪው፣ ጥሩ ያስቸኩላል። እንዲያውም «3 ቦታ ብቻ ቀረ» ጨምሪበት።

የትኬት ጠረጴዛ

የመጀመሪያው መስመር ላይ ጨው በርበሬ ልክ ነው። ሌላውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰማያዊ ሻንጣ፣ የከነከነሽን እኔ ልንገርሽ፤ ፎቶው ነው። ከቃላቱ በፊት የሚታየው እሱ ነው፣ ስለዚህ ቃል የሚገባውም መጀመሪያ እሱ ነው። ባሉን ያየ ሰው ባሉን እሳፈራለሁ ብሎ ነው የሚከፍለው። ዝርዝርሽ ውስጥ ደግሞ «የባሉን ትዕይንት» ይላል። ይህ ቃል ከየት መጣ? መሳፈር ነው ወይስ ቆሞ ማየት? ዋጋው ውስጥስ አለ?

ሰማያዊ ሻንጣ

የለም። መሳፈር ለሚፈልግ ለብቻው ያስከፍላል። «ትዕይንት» ያለው አለቃዬ ነው፣ «ከሆቴሉ ሰገነት ያዩታል፣ ውሸት አይደለም» ብሎ።

የትኬት ጠረጴዛ

ውሸትማ አይደለም። ግን መንገደኛው ንጋት ላይ ሰገነት ላይ ቆሞ የሌላውን ሰው ባሉን ሲያይ ለአለቃሽ አይደለም የሚደውለው፣ ላንቺ ነው። አሥራ አራት ዓመት ትኬት ቆርጬ መንገደኛ ሸኝቻለሁ። ከሰማሁት ቅሬታ አብዛኛው የተነሣው ከሐሰት ቃል አይደለም፤ ሁለት ትርጉም ካለው ቃል ነው።

ፎቶውን ቀይሪ አልልሽም፣ ቦታው በእርግጥ በባሉን ነው የሚታወቀው። ነገር ግን ከላይ ከሚታዩት መስመሮች አንዱ «በፎቶው ላይ ያለው ባሉን በዋጋው ውስጥ አይደለም» ማለት አለበት። ከታች በዝርዝሩ ጫፍ አይደለም፤ ፎቶው ሥር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህኛው ደግሞ የመርሐ ግብር ጉዳይ ነው። ባሉን በነፋስ ምክንያት ይሰረዛል። ይነሣ አይነሣ የሚወስነው የቱርክ ሲቪል አቪዬሽን ነው፣ ፈቃዱም የሚሰጠው ለዚያው ቀን ንጋት ነው። ወደ ክረምቱ በተጠጋ ቁጥር ስረዛው ይበዛል፣ ኖቬምበር ደግሞ ደጃፉ ላይ ነው። ለባሉን ያሰባችሁት የትኛውን ጠዋት ነው?

ሰማያዊ ሻንጣ

መርሐ ግብሩን አየሁት፤ ዓርብ ጠዋት ይላል፣ የመመለሻው ቀን። በረራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ።

የትኬት ጠረጴዛ

ያ ማለት ዓርብ ነፋስ ከነፈሰ አበቃ። ማክሰኞ ማታ እዚያ ከደረሳችሁ ረቡዕ ጠዋት አስይዙላቸው። ረቡዕ ከተሰረዘ ሐሙስ አለ፣ ሐሙስም ካልሆነ ዓርብ አለ። ለመንገደኛው ሦስት ዕድል ነው፣ እናንተን ምንም አያስከፍልም።

እናት ዘ ሁለት

ሰላም፣ በጣም ደስ የሚል ጉዞ ነው! እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር ነን፣ የ4 እና የ11 ዓመት። በጠቅላላ ስንት ይመጣል? ልጆቹ ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ቢያድሩስ ይቀንሳል? ትልቁ ልጅ ባሉን ባሉን እያለ ነው።

ጨው በርበሬ

እናት ዘ ሁለት፣ ይህ ማስታወቂያ አይደለም፤ ስለ ማስታወቂያው እየተወያየን ነው።

እናት ዘ ሁለት

ውይ ይቅርታ። ፎቶውን አይቼ ነው። ግን የልጆች ዋጋ ምንም ቦታ አልተጻፈም፣ ለማንኛውም።

የትኬት ጠረጴዛ

ይኸው፣ ዋጋ ይደበቅ ለሚለው መልሱን እሳቸው ሰጡን። ዋጋው ተጽፎ እንኳን አልበቃቸውም፤ ጭራሽ ባይጻፍ ኖሮ ስንት ጥያቄ ይመጣ ነበር? በስልክ የምታሳምኑት ሰው አለ፣ እሺ። «1,180 ዶላር አቅሜ አይደለም» ብሎ በሰላም የሚያልፈው ግን አስቀድሞ ቢያውቀው የናንተም ጊዜ ባልባከነ።

እናት ዘ ሁለት፣ የልጅ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው የሚወሰነው። ለአየር መንገዱ ልጅ የሚባለው ከ2 ዓመት እስከ 12 ዓመት ያልሞላው ነው፤ ሆቴሎች ግን የዕድሜ ገደባቸው እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ትንሹ ልጅዎ አልጋ ሳይጨመርለት ሊያድር ይችል ይሆናል፣ ትልቁ ግን አልጋ ሊጠየቅበት ይችላል። ባሉን ላይ ደግሞ የዕድሜ ወይም የቁመት ገደብ አለ፣ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ በተለይ ለትንሹ አስቀድመው ይጠይቁ። መግለጫው ውስጥ ይህ ሁሉ አይገባም፤ «የልጆች ዋጋ በዕድሜ ይለያያል» የምትል ሐረግ ግን መግባት አለባት።

የመስኮት ወንበር

የክፍያ ቀኑን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ወኪል (ስሙ ይቅር) ፎቶ ሥር «ክፍያ እስከ 20» ብሎ ጻፈ። እኔ በ20 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በባንክ ላክሁ። ገንዘቡ የደረሳቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «መቀመጫው ተለቋል፣ በአዲሱ ዋጋ መቶ ሃያ ዶላር ይጨምሩ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በቀኑ ከፍያለሁ! ደረሰኙን አሳየሁ፣ «እስከ 20 ማለት 20 ሳይገባ ነው» አሉኝ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። የጨመርኩትንም ገንዘብ አልመለሱልኝም።

ፊደል ቆጣሪ

«እስከ» የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ ነው። «እስከ 20» ሲባል አንዱ 20ን ይጨምራል፣ አንዱ አይጨምርም፤ ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ። «እስከ 20 ድረስ» ቢባልም አይፈታም። የሚፈታው «20 ጭምር» ወይም «የመጨረሻው ቀን ሐሙስ 20 ነው» ሲባል ነው። የሳምንቱን ቀን ስም ከቁጥሩ ጋር መጻፍም ይጠቅማል፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

«እኩለ ሌሊት» የሚሉም አሉ። የየትኛው ቀን እኩለ ሌሊት? የሐሙስ ማለቂያ ነው ወይስ የሐሙስ መጀመሪያ? ቢሮው የሚዘጋበትን ሰዓት መጻፍ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፦ «ካፓዶቅያ» ማለትሽ ለምንድን ነው? በአማርኛ ቀጰዶቅያ ነው የሚባለው፤ የሐዋርያት ሥራ ላይም የጴጥሮስ መልእክት ላይም አለ። አገሩ በአማርኛ ስም አለው።

ጨው በርበሬ

ቀጰዶቅያ ብለው ቢጽፉት ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

ፊደል ቆጣሪ

የሚፈልገው ሰው «ኢስታንቡል» ብሎ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ ስሙን ሲያይ «ይህማ የማውቀው ቦታ ነው» ይላል።

የትኬት ጠረጴዛ

የመስኮት ወንበር የደረሰበትን እንመርምረው፣ ምክንያቱም የሰማያዊ ሻንጣም መግለጫ ያንኑ ስሕተት ሊደግም ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የ«እስከ» ብቻ አይደለም።

ሰማያዊ ሻንጣ፣ ኦክቶበር 14ን ከየት አመጣሽው? እኔ ስገምት አየር መንገዱ ለቡድኑ የያዘላችሁ መቀመጫ ትኬቱ መቆረጥ ያለበት እስከ 14 ነው። ልክ ነኝ?

ሰማያዊ ሻንጣ

እንዴት አወቅህ? አዎ፣ ከአየር መንገዱ የመጣው ኢሜይል ላይ 14 ይላል። የቀጰዶቅያው ሆቴል ደግሞ የስም ዝርዝርና ሙሉ ክፍያ ከመድረሻው 21 ቀን በፊት ይላል።

የትኬት ጠረጴዛ

ሁሉም የሚሠራው ስሕተት ስለሆነ ነው ያወቅሁት። 14 ያንቺ የመጨረሻ ቀን ነው፤ የመንገደኛው አይደለም። ያንቺን ቀን ለመንገደኛው ከሰጠሽው በመካከል ምንም ትንፋሽ የለም።

አብረን ወደ ኋላ እንቁጠር። ከሆቴሉ ብንጀምር፣ ከኢስታንቡሉ መድረሻ ከኖቬምበር 7 እንኳን ብትቆጥሪው 21 ቀን ወደ ኋላ ቅዳሜ ኦክቶበር 17 ይሰጣል፤ ቀጰዶቅያ የምትደርሱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ እውነተኛው ቀን ትንሽ ይርቃል። የአየር መንገዱ ረቡዕ ኦክቶበር 14 ነው። ቀዳሚው 14 ስለሆነ የምንገዛው ለእሱ ነው። ረቡዕ ትኬት ለመቁረጥ ገንዘቡ ማክሰኞ 13 ሒሳባችሁ ውስጥ መሆን አለበት። የባንክ ዝውውር እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል ብለሽ ያዢ። ሐሙስ 8 የላከ ሰው ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብለሽ ስትቆጥሪ ማክሰኞ 13 ይደርሳል፤ በመካከል ቅዳሜና እሁድ አሉ። ዓርብ 9 የላከ ግን ለረቡዕ ይደርሳል፣ ያውም ከዘገየ ማታ። ስለዚህ የመንገደኛው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ኦክቶበር 8 ነው፣ ቢሮው እስኪዘጋ። ከሐሙስ እስከ ረቡዕ ያለው ስድስት ቀን ለማንም የማይነገር የናንተ መተንፈሻ ነው።

ሌላው መለየት ያለበት፣ በዚያ ቀን መላክ ነው የሚፈለገው ወይስ መድረስ? የመስኮት ወንበር የተበላው እዚህ ጋ ነው። ለመንገደኛው መላክ በእጁ ነው፣ መድረስ ግን በባንኩ እጅ ነው። «ሐሙስ ይላኩና ደረሰኙን ያሳዩን» ማለት ይሻላል፤ ስድስቱን ቀን ያዘጋጀነው ለዚሁ ነው።

ካለፈስ? እሱም በአንድ ሐረግ ይጻፍ። «ካለፈ መቀመጫው ይለቀቃል» ወይም «ዋጋው ሊለወጥ ይችላል»፣ እውነት የሆነውን። ዝም ከተባለ መንገደኛው «ትንሽ ቢዘገይ ምን ይሆናል» ይላል፣ እናንተ ደግሞ ሌላ ታስባላችሁ።

ጨው በርበሬ

እሺ፣ ግን አንድ ነገር ትረሳለህ። የክፍያ ቀን ሰውን ማንቀሳቀሻ ነው። አምስት ቀን ሲቀረው የማይንቀሳቀስ ሰው ሃያ ቀን ሲቀረው ይንቀሳቀሳል ብለህ ነው?

የትኬት ጠረጴዛ

ማስቸኮሉን አልጠላሁም፣ እውነተኛ ቀን ራሱ ያስቸኩላል። የማልወደው «3 ቦታ ብቻ ቀረ» የሚለውን ነው፣ ቀርቶ ከሆነ እሺ። ከሳምንት በኋላ ያው ፖስት «3 ቦታ ብቻ» እያለ ሲያዩት የኦክቶበር 8ንም ቀን አያምኑትም። ከዚያ በእውነተኛው ቀን ማንም አይከፍልም።

ጨው በርበሬ

እዚህ ላይ አልስማማም። የሚሠራ ዘዴ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ይሁን።

አንድ ሰው አንድ ክፍል

እኔ ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምጓዘው፤ «ከ…ጀምሮ» የሚለው ቃል ለኔ ሲሆን ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ለማን ነው 1,180 የሆነው? አንድ ጊዜ ተመዝግቤ ቀብድ ከከፈልኩ በኋላ ነው «ክፍል ብቻዎን ስለሆኑ» ተብዬ ጭማሪ የተነገረኝ። ጭማሪው አይደለም ያናደደኝ፤ ቀብዱን ከተቀበሉኝ በኋላ መንገራቸው ነው።

የትኬት ጠረጴዛ

ልክ ነው። የፓኬጅ ዋጋ በአብዛኛው የሚሰላው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል ተብሎ ነው። ክፍሉ አንድ ቢተኛበትም ሁለት ቢተኛበትም ለሆቴሉ ያው ነው፣ ስለዚህ ብቻውን የሚያድረው የሌለውን ሰው ድርሻ ይከፍላል። «ለአንድ ሰው፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል» ማለትና ቀጥሎ የጭማሪውን መጠን መጻፍ ነው መፍትሔው። «ጀምሮ» ይውጣ።

«ሌሎችንም ያካትታል» የሚለውም ይውጣ። «ሌሎች» ማለት ለመንገደኛው እራት ነው፣ ቪዛ ነው፣ መድን ነው፣ የፈለገው ሁሉ ነው። በዋጋው ውስጥ የሌለውን መጻፍ ካለው ይበልጥ ይጠቅማል።

የቦታዎቹ ዝርዝር ላይ ደግሞ ግሥ የለሽም። «አያ ሶፊያ» ብቻ ብለሻል። እንገባለን ወይስ ከውጭ ፎቶ እንነሣለን? ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የውጭ ጎብኚ አያ ሶፊያ ለመግባት 25 ዩሮ ይከፍላል። ዋጋው ውስጥ ካለ «ገብተን» በይ፤ ከሌለ «ከውጭ» በይ። ለአራት ሰው ቤተሰብ ልዩነቱ መቶ ዩሮ ሊደርስ ይችላል።

ፊደል ቆጣሪ

ቀኖቹንም ልብ በሉ፤ ግራንድ ባዛር እሁድ ብላችኋል።

የትኬት ጠረጴዛ

አምልጦኝ ነበር! ግራንድ ባዛር እሁድ ዝግ ነው። ቶፕካፒ ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ሁለቱንም በዝጉ ቀን አስቀምጣችኋቸዋል። መርሐ ግብሩን ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ከሌላ ጉዞ ተቀድቶ ቀኑ ብቻ የተለወጠ ይመስለኛል። እሁድ አያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ፣ ሰኞ ቶፕካፒ፣ ማክሰኞ ጀልባና ባዛር ቢሆን ሁሉም ክፍት ነው። ማክሰኞ ማታ ወደ ካይሰሪ ትበራላችሁ፣ ከዚያ ጎሬሜ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ሰማያዊ ሻንጣ

እውነትህን ነው፣ አለቃዬን ጠየቅሁት፤ ባለፈው ዓመት ከነበረው ጉዞ ነው የተገለበጠው። ደነገጠ። መርሐ ግብሩ ዛሬ ተቀየረ፣ ባሉኑም ወደ ረቡዕ ጠዋት ሄደ።

ሌላ ጥያቄ፦ አለቃዬ ዋጋውንና የክፍያ ቀኑን ፎቶው ላይ በትልቁ እንዲጻፍ ይፈልጋል። እንዴት ነው?

ጨው በርበሬ

ፎቶው ላይ ይጻፍ። መግለጫውን ማንም አያነብም።

የመስኮት ወንበር

እኔም ፎቶውን ብቻ ነው ለጓደኞቼ የማስተላልፈው። ጽሑፉ አብሮ አይሄድም አንዳንዴ።

የትኬት ጠረጴዛ

ይህኛው ሁለት ጠርዝ አለው። ፎቶ ላይ ያለ ቁጥር ከጽሑፉ ተለይቶም ይዞራል፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ፣ ኢንስታግራም ላይ ከወጣ በኋላ ጽሑፉን ማረም ትችያለሽ፤ ፎቶውን መቀየር ግን አትችይም። ቴሌግራም ላይ ፎቶውንም መቀየር ይቻላል፣ ሰው አውርዶ ለሌላው ያስተላለፈውን ግን አትደርሺበትም። ዋጋው ቢለወጥ አሮጌው ፎቶ እየዞረ ይቀራል። እኔ የምጽፈው ቦታውን፣ የጉዞ ቀኑንና «ባሉን ለብቻው» የሚለውን ብቻ ነው።

ጭልፋ

ሳልገባ ላልፍ ነበር፣ ግን፦ እኔ ስልኬን የምጠቀመው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብልኝ ፕሮግራም ነው፣ ዓይኔ አያይም። ፎቶ ላይ የተጻፈ ዋጋ ለኔ የለም። ብዙ ጊዜ የሚነበብልኝ «የማይረሳ ጉዞ፣ እንዳያመልጥዎ» ብቻ ነው፤ ምን እንዳያመልጠኝ እንደሆነ ሳላውቅ ያመልጠኛል። ፎቶው ላይም ብትጽፊው ታችም ድገሚው።

ሰማያዊ ሻንጣ

አመሰግናለሁ፣ ይህን በፍጹም አላሰብኩትም። ይኸው እንደገና ጻፍኩት። ቴሌግራም ፎቶ ሥር የሚፈቅደው 1,024 ፊደል ነው፣ በደንብ ገባልኝ፦

«ኢስታንቡልና ቀጰዶቅያ፣ ከቅዳሜ ኖቬምበር 7 እስከ ዓርብ ኖቬምበር 13፣ 2026። ለአንድ ሰው 1,180 ዶላር፣ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል።
በፎቶው ላይ ያለው ባሉን በዋጋው ውስጥ አይደለም፤ ለሚፈልግ እናስይዛለን።

ኢስታንቡል፣ 3 ሌሊት፦ አያ ሶፊያንና ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትን ገብተን እንጎበኛለን፤ ሰማያዊውን መስጊድ ከሶላት ሰዓት ውጭ እናያለን፤ በቦስፎረስ በጀልባ እንሄዳለን፤ ግራንድ ባዛር በራስዎ ጊዜ ነው።
ቀጰዶቅያ፣ 3 ሌሊት፦ የጎሬሜን የዓለት አብያተ ክርስቲያናትና የደሪንኩዩን የምድር ውስጥ ከተማ ገብተን እንጎበኛለን፤ ኡቺሳርን ከውጭ እናያለን።

በዋጋው ውስጥ፦ የደርሶ መልስና የአገር ውስጥ በረራ ከነታክሱ፣ ሆቴል ከቁርስ ጋር፣ ከኤርፖርት መቀበልና መሸኘት፣ አስጎብኚ፣ ጀልባው፣ «ገብተን» ያልናቸው ቦታዎች መግቢያ።
የሌለው፦ ቪዛ፣ ምሳና እራት፣ ባሉን፣ የጉዞ መድን፣ ጉርሻ። ክፍል ብቻውን ለሚይዝ 240 ዶላር ይጨመራል። የልጆች ዋጋ በዕድሜ ይለያያል።

ሲመዘገቡ ቀብድ 300 ዶላር። ቀሪውን 880 ዶላር የሚልኩበት የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ኦክቶበር 8 ነው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ ደረሰኙን ያሳዩን። ካለፈ መቀመጫው ይለቀቃል።»

አንድ ሰው አንድ ክፍል

240ው ተጽፏል። ይኸው ነው የፈለግሁት።

የትኬት ጠረጴዛ

ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም፣ በርቺ። ሁለት ነገር ይጎድላል። ስንት ሰው ካልሞላ ነው ጉዞው የሚቀረው?

ሰማያዊ ሻንጣ

10 ሰው። ይህም ይጻፋል እንዴ? ሰው አይሸሽም?

የትኬት ጠረጴዛ

ከሥራው ፈቃድ የሚጠይቅ መንገደኛ አለ፣ ቪዛ የሚያስመታ አለ፤ ጉዞው ሊቀር እንደሚችል ካላወቀ የናንተን ያህል ይጎዳል። በአውሮፓ ኅብረት የ2015ቱ የፓኬጅ ጉዞ መመሪያ ላይ ዝቅተኛው የሰው ቁጥርና የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን መንገደኛው ውል ከመግባቱ በፊት ይነገር ይላል፤ ከ6 ቀን ለሚረዝም ጉዞ ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት ማሳወቅ ግድ ነው። እናንተ በዚያ ሕግ ባትገዙም ልኩ ጥሩ ነው። ከኖቬምበር 7 ሃያ ቀን ወደ ኋላ ኦክቶበር 18 ነው፤ እናንተ ግን ትኬቱን ሳትቆርጡ ማወቅ አለባችሁ፣ ስለዚህ ሰኞ ኦክቶበር 12 በሉ።

ሁለተኛው ቀብዱ ነው። መንገደኛው ቢቀር 300ው ይመለሳል አይመለስም?

ሰማያዊ ሻንጣ

የመጀመሪያውን ጨመርኩ፦ «10 ሰው ካልሞላ ጉዞው ይቀራል፤ ሰኞ ኦክቶበር 12 እናሳውቃለን፣ የከፈሉት ሁሉ ይመለሳል።» ጽሑፉ እንዳይረዝም ኡቺሳርን ቆረጥኩ፣ ለፎቶ ብቻ ስለሆነ።

ቀብዱን ግን አለቃዬ እምቢ አለ። አይመለስም፣ ግን «ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ ፎቶ ሥር ከጻፍሽው ማንም አይመዘገብም» ነው ያለው።

የመስኮት ወንበር

ደረሰኝ የሚሰጠው ከተከፈለ በኋላ አይደለም እንዴ?

ጨው በርበሬ

ይህን ግን ከአለቃዋ ጋር ነኝ። ሁሉንም ነገር ፎቶ ሥር መጻፍ አይቻልም፣ ሲደውሉ ይነገራቸዋል።

የትኬት ጠረጴዛ

ሲደውሉ ከተነገራቸው ይሁን፤ ከመክፈላቸው በፊት ከሆነ። እኔ ብሆን «ቀብዱ አይመለስም» የሚሉትን ሁለት ቃላት እጽፋለሁ። አንቺ ስልኩን የምታነሺው ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ንገሪው፣ የነገርሽበትንም ቀን መዝግቢ።

ሰማያዊ ሻንጣ

ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ። አንድ ደብተር ለዚሁ ከፈትኩ። ነገ ጠዋት ይወጣል።

እናት ዘ ሁለት

ሲወጣ እዚህ ንገሪን እንጂ! አሁንም ለ4 ዓመቱ ልጅ አልጋ ያስፈልጋል አያስፈልግም አልተነገረኝም።